ለማንቆርቆሪያ፣ ለምድጃ፣ ለሽንት ቤት፦ አሲድ ይሻላል ወይስ ቤዝ?

ደሴ ሰኞ ገበያም ሆነ ኮምቦልቻ መሀል ከተማ፣ የጽዳት ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ መደርደሪያ ብዙም አይለያይም። በረኪና፣ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና፣ የዱቄት ሳሙና፣ የሽንት ቤት አሲድ፣ አንዳንዴም ኮስቲክ ሶዳ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ራቅ ብሎ ከምግብ ዕቃው ጋር አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ ይገኛሉ። ገዢ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «ጠንካራው የቱ ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ግን ከመነሻው የተሳሳተ ነው። ለዘይት ጠንካራ የሆነው ለነጭ ቅርፊት ምንም አይሠራም፤ ቅርፊቱን የሚያሟሟው ደግሞ ዘይቱን አይነካውም። ትክክለኛው ጥያቄ «ቆሻሻው ከምን የተሠራ ነው?» የሚለው ነው። መልሱን ያወቀ ሰው ብዙ ጊዜ ከርካሾቹ አንዱን ገዝቶ ሥራውን ይጨርሳል።

ስለዚህ አማራጮቹን ከማወዳደሬ በፊት የምመዝንባቸውን ነገሮች ላስቀምጥ። የመጀመሪያው ቆሻሻው ራሱ ነው፦ በአሲድ የሚሟሟ ነው ወይስ በቤዝ? ሁለተኛው ከቆሻሻው ሥር ያለው ዕቃ ነው፤ አሉሚኒየም፣ ሲሚንቶ፣ እብነ በረድና የማይዝግ ብረት ለአንድ ፈሳሽ የሚሰጡት ምላሽ የተለያየ ነው። ሦስተኛው ለእጅ፣ ለዓይንና ለሳንባ ያለው አደጋ ነው። ዋጋ አራተኛ ይመጣል። አራተኛ ያደረግሁት ስለማይጠቅም ሳይሆን፣ ሦስቱ ከተመለሱ በኋላ በእጅ የሚቀረው ምርጫ አብዛኛውን ጊዜ ርካሽ ስለሆነ ነው።

መለኪያው ምን ይነግረናል?

ፒኤች የሚባለውን መለኪያ በ1909 ያቀረበው ኮፐንሃገን በሚገኘው የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረን ሶረንሰን ነው። መለኪያው በተለምዶ ከ0 እስከ 14 ይሄዳል። ንጹህ ውሃ መሀል ላይ 7 ነው፤ ከ7 በታች አሲድ፣ ከ7 በላይ ቤዝ ይባላል። ቁጥሩ የሚለካው በፈሳሹ ውስጥ ያለውን የሃይድሮጅን አዮን መጠን ሲሆን፣ ቁጥሩ ሲወርድ አዮኑ ይበዛል፤ እያንዳንዱ አንድ ደረጃ የ10 እጥፍ ልዩነት አለው።

ይህን ከጓዳ መረዳት ይቻላል። ትኩስ ወተት 6.6 አካባቢ ነው። ረግቶ እርጎ ሲሆን ወደ 4.6 ወይም ከዚያም በታች ይወርዳል። ሁለት ደረጃ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን የእርጎው አሲድነት ከወተቱ መቶ እጥፍ ነው፤ ምላስም ልዩነቱን ወዲያው ታውቀዋለች። ሁለት ሦስት ቀን የቦካ የጤፍ ሊጥ ከእርጎም ይወርዳል፤ 4 አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ይደርሳል። ቲማቲም ከ4 ትንሽ ከፍ ይላል፣ ቡና 5 አካባቢ ነው። አቼቶ 2.5 ገደማ ሲሆን ሎሚ ደግሞ ከ2 ብዙም አይርቅም። በቤዝ በኩል ከምግባችን የሚገኘው በጣም ጥቂት ነው፤ የእንቁላል ነጭ ሲቆይ 9 አካባቢ ይደርሳል፣ በውሃ የሟሟ ቤኪንግ ሶዳ ደግሞ 8.3 ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሰፈር የምግብ ሳይሆን የጽዳት ነው። የዱቄት ሳሙና ከ10 እስከ 11፣ በረኪና ከ11 እስከ 13፣ ኮስቲክ ሶዳ ከ13 በላይ። በሌላው ጫፍ የሽንት ቤት አሲድ ከ1 በታች ይወርዳል።

ብዙ መመሪያዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ ገዢን የሚያሳስተውም ይኸው ነው። የፒኤች ቁጥር በኪስ እንዳለ ገንዘብ ነው፤ ባንክ የተቀመጠውን አያሳይም። የአቼቶ አሲድ ደካማ ስለሆነ አብዛኛው ሞለኪውል አዮኑን ይዞ ይቆያል፤ ቅርፊቱ አዮኑን በተጠቀመበት መጠን ግን ሌላ እየለቀቀ ይተካል። የሽንት ቤት አሲድን ልክ እንደ አቼቶ 2.5 እስኪሆን ድረስ በውሃ ብናቀጥነው፣ ቁጥሩ እኩል ሆኖ ሳለ ቅርፊት የማሟሟት አቅሙ ከአቼቶው ከመቶ እጥፍ በላይ ያንሳል። ስለዚህ ፒኤች የሚነግረን ፈሳሹ የትኛው ወገን እንደሆነና ቆዳን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚጎዳ ነው። ምን ያህል ቆሻሻ እንደሚያነሣ ለማወቅ መጠኑንና ክምችቱን ማየት ያስፈልጋል።

አንድ ቁርስ ቤት፣ ሦስት ቆሻሻ

ኮምቦልቻ ውስጥ ትንሽ ቁርስ ቤት ያላት የአክስቴ ልጅ ሦስት ችግር በአንድ ጊዜ ነበረባት። የሻይ ማንቆርቆሪያዋ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይዞ ውሃው ቶሎ አይፈላም፤ ፓስቲ የሚጠበስበት ምድጃ ዙሪያው በደረቀ ዘይት ተለብጧል፤ የሽንት ቤቱ ሳህን ውሃው በሚወርድበት መስመር ቢጫና ቡናማ ሆኗል። ለሦስቱም በረኪና ገዛች። ቅርፊቱ ይበልጥ ነጣ እንጂ አልተነሣም፤ ዘይቱ እንዳለ ቀረ፤ ሳህኑ ለጥቂት ቀን ነጥቶ መስመሩ ተመለሰ። በረኪናው መጥፎ ሆኖ አይደለም። በረኪና ቀለም ያነጣል፣ ጀርም ይገድላል፤ ቅርፊትን ማሟሟት ግን ሥራው አይደለም።

ከማንቆርቆሪያው እንጀምር። ቅርፊቱ በዋናነት ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ውሃው ውስጥ የሟሟው ካልሲየም ውሃው ሲፈላ ተለይቶ ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል። ካርቦኔት አሲድ ሲያገኝ ወደሚሟሟ ጨው፣ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል። አቼቶ ሲፈስበት የሚታየው ደቃቅ አረፋ ይህ ጋዝ ነው፤ አረፋው ካለ ቅርፊቱ በአሲድ የሚነሣ ለመሆኑ ማረጋገጫ ነው። አንድ ፍርፋሪ ፍቆ በማንኪያ ላይ አድርጎ ሁለት ጠብታ መጨመር በቂ ፈተና ነው።

መጠኑስ? ማንቆርቆሪያው 20 ግራም ቅርፊት ይዟል እንበል። ይህን ለማሟሟት ወደ 24 ግራም ንጹህ አሴቲክ አሲድ ይፈልጋል፤ አቼቶው 5 በመቶ ከሆነ ግማሽ ሊትር ገደማ ማለት ነው። በሎሚ ጭማቂም የሚያስፈልገው መጠን ከዚህ ብዙ አይለይም፤ ሎሚ በፒኤች ቁጥር ከአቼቶ ቢያንስም የአሲድ ክምችቱ ተቀራራቢ ነው። ግማሽ ሊትር ለመሙላት ግን የኛን ትንንሽ ሎሚዎች ከሃያ በላይ መጭመቅ ይጠይቃል። ለሽሮና ለሰላጣ የሚሆነውን ሎሚ ለማንቆርቆሪያ ማፍሰስ አያዋጣም። ሎሚ የሚመረጠው ለጥቂት ቅርፊት ብቻ ነው፤ ለምሳሌ በቧንቧ አፍ ዙሪያ ለያዘ ነጭ ነገር ግማሽ ሎሚ ማሸት ይበቃል።

አሠራሩ ይህ ነው፦ አቼቶውን ቅርፊቱን እስኪሸፍን ይጨምሩ፤ ካልበቃ እኩል ውሃ ይቀላቅሉ። እንዲሞቅ ያድርጉ፣ አያፍሉት፤ ሙቀት ሥራውን ያፋጥናል፣ ሲፈላ ግን የሚተነው አቼቶ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል። ግማሽ ሰዓት ይጠብቁና ይድፉት። አረፋው ቆሞ ቅርፊት ከቀረ አሲዱ አልቋል ማለት ስለሆነ፣ ያንኑ ፈሳሽ ሲያቆዩ ከመዋል አዲስ ይጨምሩ። ማንቆርቆሪያው አሉሚኒየም ከሆነ ሌሊቱን ማሳደር አይገባም፤ አሲዱ ብረቱንም መብላት ይጀምራል፣ ውስጡም ይደበዝዛል። በመጨረሻ ንጹህ ውሃ አፍልቶ መድፋት ሽታውን ያጠፋል።

የሽንት ቤቱ ሳህን ዘመዱ ማንቆርቆሪያው ነው። ቢጫው መስመር ከሽንትና ከውሃ የተጠራቀመ የማዕድን ቅርፊት ስለሆነ መፍትሔው እዚህም አሲድ ነው። ቅርፊቱ ቀጭን ከሆነ አቼቶ በጨርቅ ነክሮ መስመሩ ላይ ለጥፎ ማሳደር ይሠራል። ለዓመታት የወፈረ ከሆነ ግን ለሽንት ቤት አሲድ ቦታ አለው፤ ውስጡ ብዙ ጊዜ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። ለሸክላ ሳህን ብቻ ይጠቀሙበት። የሲሚንቶ ወለልን፣ እብነ በረድንና በሴራሚኮች መካከል ያለውን መሙያ እንደ ቅርፊቱ ሁሉ ያሟሟቸዋል፤ ሁሉም ካርቦኔት ወይም ኖራ አለባቸውና። ወለል ላይ ፈስሶ አረፋ ሲያወጣ «ቆሻሻው እየለቀቀ ነው» ብለው የሚደሰቱ አሉ፤ እየለቀቀ ያለው ወለሉ ነው።

ዘይቱ ሌላ ነገር ነው

ዘይትና ቅባት አሲድን አይፈሩም፤ ሎሚ የዘይት ሽታ ቢቀንስም ዘይቱን አያነሣም። ቅባትን የሚሰብረው ቤዝ ነው። ጠንካራ ቤዝ ከቅባት ጋር ሲገናኝ ቅባቱን ራሱን ወደ ሳሙና ይለውጠዋል፤ የኮስቲክ ሶዳ ወይም የአመድ ውሃ በጣት ላይ የሚያንሸራትተው የቆዳችንን ቅባትና ፕሮቲን መብላት ስለጀመረ ነው። ማንሸራተት ሲጀምር እጅን ቶሎ በብዙ ውሃ መታጠብ ያስፈልጋል።

ገና ላልደረቀ ዘይት የዕቃ ሳሙናና ሙቅ ውሃ ይበቃሉ። ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ፒኤቹ ከ7 እስከ 9 ስለሆነ ጉልበቱ ከቤዝነቱ ሳይሆን ዘይትን ከውሃ ጋር ከሚያጣብቁት ሞለኪውሎቹ ነው፤ ለእጅም የሚለዝበው ለዚህ ነው። የእንዶድ አረፋም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው።

በእሳት ደጋግሞ የደረቀ ዘይት ግን እንደ ቫርኒሽ ይጠነክራል። ለዚህ የዱቄት ሳሙና በጥቂት ሙቅ ውሃ ለውሶ መቀባት፣ ለግማሽ ሰዓት ሳይደርቅ ማቆየት፣ ከዚያ መፈግፈግ ነው። ቤኪንግ ሶዳ እዚህ ላይ ከስሙ ያነሰ ነው። 8.3 ዘይትን ወደ ሳሙና ለመለወጥ አይበቃም፤ የሚረዳው በደቃቅ ፈጊነቱ ነው። ወደ ጠንካራ መለወጥ ግን ይቻላል። ቤኪንግ ሶዳውን በማይዝግ ብረት ወይም በሸክላ ዕቃ ዘርግተው በ200 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ አንድ ሰዓት ካቆዩት ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣለትና ሶዲየም ካርቦኔት ይሆናል፤ በውሃ ሲሟሟ ፒኤቹ 11 ገደማ ነው። መለወጡን ሚዛን ይነግርዎታል፦ 100 ግራሙ ወደ 63 ግራም ይወርዳል። ይህ ከተለወጠ በኋላ ምግብ ውስጥ አይገባም፤ ስሙን ጽፈው ለብቻው ያስቀምጡት።

የማገዶ አመድ በነጻ የሚገኝ ቤዝ ነው። አመዱን ውሃ ውስጥ አሳድሮ በጨርቅ ማጥለል ፖታሲየም ካርቦኔት ያለበት ውሃ ይሰጣል። ድክመቱ ጥንካሬው እንደ እንጨቱና እንደ ውሃው መጠን መለያየቱ ነው፤ አንዱ ቀን የለዘበ ሌላው ቀን የሚያቃጥል ይሆናል። ጓንት አይለየው።

ኮስቲክ ሶዳን የምመክረው በዘይት ለተደፈነ የፍሳሽ መስመር ብቻ ነው፤ ለምድጃ ከሚገባው በላይ ነው። ሶዳው ወደ ቀዝቃዛ ውሃ ይጨመራል፤ ውሃው በሶዳው ላይ አይፈስም፤ ሙቀቱ በድንገት ስለሚነሣ ይፈነጥቃል። አሉሚኒየም ዕቃ ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ፈጽሞ አይገናኝ፤ ብረቱ ይሟሟል፣ የሚቀጣጠል ሃይድሮጅንም ይወጣል። የዱቄት ሳሙናና የአመድ ውሃም አሉሚኒየም ድስትን ያጠቁራሉ።

ያልታወቀ ፈሳሽን በእርድ መለየት

ብዙ ፈሳሽ በውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ተሞልቶ፣ ያለ ጽሑፍ ይሸጣል። የያዘው ቤዝ መሆኑን ጓዳ ውስጥ ያለው እርድ ይናገራል። የአልጫ ወጥ የነካው ነጭ ልብስ ሳሙና ሲያገኝ ቢጫው በድንገት ወደ ቀይ ቡናማ ሲለወጥ ያላየ የለም። እድፉ አልባሰበትም፤ እርዱ ሳሙናው ቤዝ መሆኑን እየመሰከረ ነው፤ ሲለቀለቅ ወይም ሎሚ ሲነካው ወደ ቢጫ ይመለሳል።

ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ በጥቂት አረቄ ወይም በሕክምና አልኮል በጥብጠው ነጭ ወረቀት ይንከሩና ያድርቁ። ከፈሳሹ በእንጨት ጫፍ አንዲት ጠብታ ያሳርፉበት። ከቀላ ቤዝ ነው። ቢጫ ሆኖ ከቀረ ግን አሲድም ውሃም ሊሆን ይችላል፤ እርድ ሁለቱን አይለይም። ለዚያ ከርከዴ የተሻለ ነው፤ የተፈላው ከርከዴ በአሲድ ደማቅ ቀይ ሆኖ ይቆያል፣ በቤዝ ደግሞ ወደ አረንጓዴነት ያደላል። በረኪና ሁለቱንም ቀለም ያጠፋቸዋል፤ ወረቀቱ ቀልቶ ወዲያው ከነጣ የያዙት በረኪና ነው። አሽትቶ ወይም ቀምሶ መለየት ግን ፈጽሞ አይሞከርም።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | ፒኤች በግምት | የሚያነሣው | ሊነካው የማይገባ ዕቃ | አደጋው |
|---|---|---|---|---|
| ሎሚ | 2–2.5 | ጥቂት ቅርፊት፣ ሽታ | እብነ በረድ | ዝቅተኛ |
| አቼቶ | 2.5 | የማንቆርቆሪያና የቧንቧ ቅርፊት | እብነ በረድ፤ አሉሚኒየም ለረጅም ሰዓት | ዝቅተኛ |
| የሽንት ቤት አሲድ | ከ1 በታች | የወፈረ የሽንት ቤት ቅርፊት | ሲሚንቶ፣ ብረታ ብረት፣ የምግብ ዕቃ | ከፍተኛ |
| ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና | 7–9 | ገና ያልደረቀ ዘይት | ገደብ የለውም | በጣም ዝቅተኛ |
| ቤኪንግ ሶዳ | 8.3 | ቀላል እድፍ፣ ሽታ | ለስላሳና አንጸባራቂ ገጽ | በጣም ዝቅተኛ |
| የዱቄት ሳሙና | 10–11 | የደረቀ ዘይት፣ ልብስ | አሉሚኒየም | መካከለኛ |
| በረኪና | 11–13 | ጀርም፣ ቀለም | ብረታ ብረት፣ ቀለም ያለው ልብስ | ከፍተኛ |
| ኮስቲክ ሶዳ | 13–14 | በዘይት የተደፈነ ፍሳሽ | አሉሚኒየም | በጣም ከፍተኛ |

ለማን የቱ?

በጀቱ ጠባብ የሆነ ቤተሰብ የዱቄት ሳሙናና አንድ ጠርሙስ አቼቶ ቢይዝ አንዱ ዘይቱን፣ ሌላው ቅርፊቱን ስለሚያነሣ አብዛኛው ሥራ ይሸፈናል። ተከራይቶ የገባና የወፈረ የሽንት ቤት ቅርፊት ያገኘ ሰው የሽንት ቤት አሲድ አንዴ ይግዛ፤ ከዚያ በየሳምንቱ በአቼቶ ከጠበቀው ሁለተኛ አያስፈልገውም። ሕፃን ያለበት ቤት ኮስቲክ ሶዳና የሽንት ቤት አሲድ ባይገባ ይመረጣል።

ምግብ ለሚሸጥ ሰው በረኪናም ግዴታ ነው፤ ቦታው ግን መጨረሻ ላይ ነው። ዘይቱና ፍርፋሪው አስቀድሞ በሳሙና ታጥቦ ካልለቀቀ በረኪናው ጉልበቱን በቆሻሻው ላይ ይጨርሳል፣ ለጀርሙ አይተርፍም። የአክስቴ ልጅም በዚህ ቅደም ተከተል ነው የቀጠለችው፦ ለማንቆርቆሪያው አቼቶ፣ ለምድጃው የዱቄት ሳሙና፣ ለሳህኑ የሽንት ቤት አሲድ፣ ለጠረጴዛውና ለመክተፊያው ከታጠቡ በኋላ በውሃ የቀጠነ በረኪና።

ቀላቅሎ «ይበልጥ ጠንካራ» ለመሥራት መሞከር ሁለት ዓይነት ውጤት አለው። አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ ሲቀላቀሉ አረፋቸው ያስደስታል፤ ነገር ግን አሲዱና ቤዙ ተጠፋፍተው የሚቀረው ጨዋማ ውሃ ነው፣ ሁለቱም ገንዘብ ባክኗል። በረኪናና አሲድ ሲቀላቀሉ ግን ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ለዚህ የሽንት ቤት አሲድ ብቻ ሳይሆን አቼቶና ሎሚም ይበቃሉ። ጠባብና መስኮት የሌለው ሽንት ቤት ውስጥ ሳንባን ክፉኛ ይጎዳል፣ ሊገድልም ይችላል። ሳህኑን በአሲድ ያጸዳ ሰው ደጋግሞ ውሃ ካላፈሰሰ በረኪና አይጨምርበት፤ ሥራውን በሌላ ቀን ማድረግ ይሻላል። የሚያንቅ ሽታ ከመጣ ምንም ሳይነኩ ወዲያው ወጥቶ በሩን መክፈት ነው።

ቆዳ ወይም ዓይን ላይ ከፈሰሰ በሚፈስ ንጹህ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል ሳያቋርጡ ማጠብና ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። አሲድን በሶዳ፣ ሶዳን በሎሚ «ለማብረድ» መሞከር ተጨማሪ ሙቀት ይፈጥራል፣ ውድ ደቂቃም ያባክናል። ለዓይን ቤዝ ከአሲድ የባሰ ነው፤ ወደ ውስጥ ዘልቆ ስለሚገባ ሕመሙ ቢቀንስም ጉዳቱ ሊቀጥል ይችላል። የዋጠ ሰው እንዲያስመልስ አይገደድም፤ ሲወርድ ያቃጠለው ሲመለስ ደግሞ ያቃጥለዋል። የፈሳሹን ጠርሙስ ይዞ ወደ ሆስፒታል መሄድ ለሐኪሙ ይጠቅማል፤ ጠርሙሱ ላይ ስሙ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ።